ከሂሳብ ሥራ ወደ ሶፍትዌር በሠላሳዎቹ አጋማሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አሥር ዓመት ገደማ በሂሳብ ሥራ ላይ ቆይተው ወደ ሶፍትዌር መሻገር ለሚፈልጉ፣ ነገር ግን ቤተሰብ እያስተዳደሩ ወደ ተለማማጅ ደመወዝ መመለስ ለማይችሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። እኔም ከሂሳብ ክፍል ወጥቼ ዛሬ የፋይናንስ ሲስተሞችን በመትከል የምተዳደር ነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው ያነሱልኛል።

በ35 ዓመቴ ከአዲስ ተመራቂዎች ጋር እኩል ነው የምጀምረው?

የሚወሰነው በሚያመለክቱበት የሥራ መደብ ነው። ድረ ገጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ ለመሥራት ጀማሪ ፕሮግራመር ሆነው ካመለከቱ፣ አዎ፣ እኩል ነዎት። እንዲያውም ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ከወጣው ወጣት ወደ ኋላ ይቀራሉ። እዚያ የሚለካው ኮድ የመጻፍ ችሎታ ብቻ ስለሆነ፣ በየዓመቱ ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጉ ያካበቱት እውቀት አይመዝንም።

ሶፍትዌሩ ራሱ ስለ ሂሳብ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፔይሮል የሚያሰላ፣ የባንክ ሂሳብ የሚያስታርቅ ወይም የድርጅትን ሌጀር የሚይዝ ሲስተም የሚሠራ ቡድን ውስጥ ኮድ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ዴቢትና ክሬዲት በትክክል የት እንደሚያርፉ የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ምክሬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሙያዎን ትተው አይሂዱ፤ ሙያዎ ራሱ ሶፍትዌር ወደሚሆንበት ቦታ ይሂዱ።

ያ ቦታ በተግባር የትኛው ሥራ ነው?

በአዲስ አበባ ገበያ በሰፊው የሚታየው ድርጅቶች ከፒችትሪና ከኤክሴል ወጥተው እንደ ኦዱ፣ ኢአርፒኔክስት ወይም ሳፕ ወዳሉ የተቀናጁ ሲስተሞች ሲዛወሩ የሚፈጠረው ሥራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የፔይሮል ሶፍትዌር ይመጣል። ሦስተኛው የክፍያ ማስታረቅ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ በብዙ መንገድ ይገባል፤ የገባው ከተሸጠው ጋር በየቀኑ መታረቅ አለበት።

የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙዎቻችን የተሻገርነው በእሱ በኩል ነውና። አንድ አስመጪ ድርጅት ከፒችትሪ ወደ ኢአርፒኔክስት ይዛወራል እንበል። ፕሮግራመሩ የመክፈቻ ሚዛኑን ወደ አዲሱ ሲስተም ይጭናል፤ ጠቅላላ ዴቢትና ጠቅላላ ክሬዲት እኩል ይሆናሉ፤ በእሱ በኩል ሥራው አለቀ። የሂሳብ ሰው ግን እዚያ አይቆምም። በሌጀሩ ላይ ያለው ተሰብሳቢ ሂሳብ 1,250,000 ብር ሲሆን የደንበኞች ዝርዝር ሲደመር 1,190,000 ብር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። የ60,000 ብር ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ትሪያል ባላንሱ ግን ምንም ጉድለት አያሳይም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ዓይነት ችግር ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ዊዝሆልዲንጉን ነው። 100,000 ብር የተሸጠ ዕቃ ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 115,000 ብር ይሆናል። ደንበኛው በቀድሞው 2 በመቶ ስሌት 2,000 ብር ቀንሶ 113,000 ብር ይከፍላል። የተቀነሰው 2,000 ብር ከደንበኛው ላይ ወርዶ ከመንግሥት ወደሚታሰብ የቅድመ ግብር ሂሳብ መዛወር ነበረበት። ደረሰኙ ሳይመጣ ስለቀረ፣ የሽያጭ ክፍሉ ደንበኛውን «ከፍሏል» ብሎ ከዝርዝሩ ሲያወጣው ሌጀሩ ላይ ግን 2,000 ብሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ይህ ሠላሳ ጊዜ ከተደገመ 60,000 ብር ሞላ።

ይህን ለማግኘት የላቀ ኮድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልዩነቱ የ2,000 ብዜት መሆኑን አይቶ ዊዝሆልዲንግ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር፣ ከዚያም የደንበኛ ስም የሌላቸውን መስመሮች ከዳታቤዙ አውጥቶ ማረጋገጥ ነው። ሁለቱን በአንድ ራስ የያዘ ሰው ከተለማማጅ ጋር አይሰለፍም።

ምን ልማር? ከየትስ ልጀምር?

ከኤስኪውኤል ይጀምሩ። የሂሳብ መረጃ የሚቀመጠው በዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ዳታቤዝን የሚጠይቁበት ቋንቋ ደግሞ እሱ ነው። በኤክሴል `VLOOKUP` የሚሠሩ ከሆነ `JOIN` አያስቸግርዎትም፤ ፒቮት ቴብል የሚሠሩ ከሆነ `GROUP BY` ምን እንደሚያደርግ ገና ሳይማሩት ያውቁታል። ከሥራ በኋላ በቀን አንድ ሰዓት ከሰጡት፣ በግምት በሦስት ወር ውስጥ የራስዎን ሪፖርት ማውጣት ይችላሉ።

ቀጥሎ ፓይተን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኦዱም ሆነ ኢአርፒኔክስት የተጻፉት በዋናነት በእሱ ነው። ኢአርፒኔክስትን በነጻ አውርደው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ መትከል ይችላሉ፤ የሂሳብ ክፍሉም ሙሉ ነው። የኦዱ ነጻ እትም ግን ሙሉውን የሂሳብ ክፍል አይጨምርም። ለልምምድ የመጀመሪያውን የምመርጠው ለዚህ ነው። ከተከሉት በኋላ አንድ ደረሰኝ አጽድቀው ለማረም ይሞክሩ። ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሰርዘው በአዲስ እንዲተኩት ያስገድድዎታል። የተመዘገበ ሂሳብ አይፋቅም፣ በተቃራኒ መዝገብ ይስተካከላል የሚለው የሙያችን ሕግ በኮድ ተጽፎ ሲያዩት፣ ኮዱን የማንበብ ፍላጎትዎ ራሱ ይጨምራል።

ሦስተኛው ጊት ነው፤ የኮድን ለውጥ መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ስለሚያሳይ የኦዲትን ጥቅም ለሚያውቅ ሰው ለማስረዳት አይከብድም።

የድረ ገጽ ውበት፣ ቀለምና አኒሜሽን ላይ አይጀምሩ። ብዙ ትምህርቶች የሚጀምሩት ከዚያ ነው፤ እርስዎ ምንም ብልጫ የሌለዎት መስክም ያው ነው።

ሰርተፍኬት ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልገኛል?

ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልግም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ነጻ ስለሆነ ለመሠረታዊ ፕሮግራሚንግ ይጠቀሙበት። ሰርተፍኬቱ ግን ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለ ስለሆነ ብቻውን አይለይዎትም።

ለቀጣሪ ምን ሠርቼ ላሳይ?

አንድ ትንሽ፣ ነገር ግን የሂሳብ ሰው ብቻ በትክክል ሊሠራው የሚችለውን ነገር። እኔ የምመክረው የፔይሮል ግብር ስሌትን ነው።

በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር፤ የ35 በመቶው እርከን ደግሞ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር። በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነጻው እስከ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ የ35 በመቶው መነሻም 14,000 ብር ሆነ። 20,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በቀድሞው ስሌት ከ7,000 ላይ 1,500 ተቀንሶ 5,500 ብር ግብር ይከፍል ነበር። በአዲሱ ከ7,000 ላይ 2,050 ተቀንሶ 4,950 ብር ይከፍላል። የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ በሁለቱም 1,400 ብር ስለሆነ፣ እጁ ላይ የሚደርሰው ከ13,100 ወደ 13,650 ብር ያድጋል።

ይህን የሚሠራ ጀማሪ ፕሮግራመር ብዙ ጊዜ እርከኖቹን በኮዱ ውስጥ በቀጥታ ይጽፋቸዋል። አዋጁ ሲቀየር ቁጥሮቹን በአዲሶቹ ይተካቸዋል፤ የሐምሌ ፔይሮል ልክ ይወጣል። ከዚያ ኦዲተር መጥቶ «የግንቦት 2017ን ፔይሮል እንደገና አውጡልኝ» ሲል ሲስተሙ የግንቦትን ደመወዝ በአዲሱ ሕግ ያሰላዋል። ለገቢዎች ከተላከው መግለጫ ጋር አይገጥምም።

የሂሳብ ሰው ሕግ የሚጸናበት ቀን እንዳለው ስለሚያውቅ እርከኖቹን ከነቀናቸው በሠንጠረዥ ያስቀምጣቸዋል። ያኔ አሮጌው አይጠፋም፤ አዲሱ ከጎኑ ይጨመራል፦

```sql
SELECT round(20000 * rate - deduction, 2) AS tax
FROM tax_band
WHERE valid_from = (
    SELECT max(valid_from) FROM tax_band
    WHERE valid_from <= DATE '2025-08-05')
  AND lower_limit < 20000
ORDER BY lower_limit DESC
LIMIT 1;
```

እዚህ ላይ `valid_from` እርከኑ መጽናት የጀመረበት ቀን ነው፤ አዲሶቹ እርከኖች ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም `2025-07-08` ተብለው ይመዘገባሉ። ጥያቄው በሐምሌ ቀን ሲቀርብ 4,950 ይመልሳል። ቀኑን ወደ ግንቦት ሲመልሱት 5,500 መመለስ አለበት። ለቀጣሪው የሚያሳዩት ይህንን ነው፦ አንድ ሠራተኛ፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት ትክክለኛ መልስ። በእርከኑ ጠርዝ ላይም ይሞክሩት፤ በአዲሱ ሕግ ልክ 14,000 ብር ሲገባ 2,850፣ 14,001 ሲገባ 2,850.35 ካልወጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ፕሮግራመሮች የማያስተውሉት ስለሆነ። የ12,345.50 ብር 7 በመቶ 864.185 ብር ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በ`numeric` ሲያጠጋጋው 864.19 ይላል። የፓይተን `Decimal` ግን ካልታዘዘ በስተቀር እኩል መሐል ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ቅርቡ ተጋማሽ አሃዝ ስለሚያስጠጋ 864.18 ይላል። ስሌቱ በአንዱ፣ ሪፖርቱ በሌላው ከተሠራ ወደ ባንክ የተላከው ዝርዝርና የሌጀሩ ድምር በሳንቲሞች ይለያያሉ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ቀናት ይፈጃል። ፓይተኑን `ROUND_HALF_UP` ብለው ያዙት፣ ያዘዙበትንም ምክንያት በማብራሪያው ላይ በሁለት መስመር ይጻፉ። እነዚያ ሁለት መስመሮች ከረጅም የትምህርት ማስረጃ ይልቅ ስለ እርስዎ ይናገራሉ።

ለማሳያ የመሥሪያ ቤቴን እውነተኛ ፔይሮል ብጠቀምስ?

በፍጹም አይጠቀሙ። ስምና ደመወዝ የሰዎች የግል መረጃ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ስሙንም ቁጥሩንም ራስዎ ይፍጠሩ። ደግሞም የሌላ ድርጅት ፔይሮል ይዞ የሚመጣን አመልካች የሚያምን ቀጣሪ የለም።

ከአሁኑ ሥራዬ መልቀቅ አለብኝ?

አይልቀቁ። ምርጡ የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ አሁን ያሉበት ቢሮ ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ሲስተም ለመቀየር እያሰበ ከሆነ የሂሳብ ክፍሉ ተወካይ ለመሆን ይጠይቁ። ሰው የሚሸሸው ሥራ ነው፤ ስብሰባው ብዙ ነው፣ የዕለት ሥራም አይቀርልዎትም። ነገር ግን የሂሳብ መደቦችን ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማዛመድ፣ የመክፈቻ ሚዛን የማረጋገጥ፣ ሁለቱን ሲስተሞች ለአንድ ወይም ለሁለት ወር ጎን ለጎን አስኬዶ የማነጻጸር ልምድ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

የበጀት ዓመት አቀማመጥን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የውጭ ሲስተሞች ዓመቱን በፈረንጆች ወር መጀመሪያ ላይ መክፈት ይወዳሉ። የእኛ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ወሮቹ ሁሉ ከመሐል ተቆርጠው ይከፈታሉ። መስከረም 1 ደግሞ አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት 12 ነው። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አብሮ ካልተዘጋ የአምስት ወይም የስድስት ቀን ሽያጭ ቤት አጥቶ ይቀራል። ሲስተም የሚተክለው ድርጅት ይህንን ከእርስዎ አፍ ሲሰማ ማን መሆንዎን ይጠይቃል፤ የሚቀጥለው ሥራዎ ከዚያ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ ዕድል ከሌለ፣ በየወሩ በእጅ የሚሠሩትን አንድ የባንክ ማስታረቂያ መርጠው በፓይተን እንዲሠራ ያድርጉት። ኃላፊዎን አስፈቅደው፣ በእጅ ከተሠራው ጋር ለሁለት ወር ያህል እያነጻጸሩ።

ደመወዜ ይቀንሳል?

ንጹህ ፕሮግራመር ልሁን ካሉ፣ ለተወሰነ ጊዜ መቀነሱ አይቀርም፤ ይህን ማንም ሊሸሽግዎት አይገባም። በሲስተም ተከላ፣ በቢዝነስ ትንተና ወይም በፋይናንስ ሲስተም አስተዳደር በኩል ከገቡ ግን አሁን ያለዎትን ደረጃ መነሻ አድርገው መደራደር ይችላሉ።

ድርድሩ የሚበላሸው በራስ አገላለጽ ነው። «ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁን ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ነው» ካሉ ተማሪ ነዎት። «የፔይሮል ሲስተም ከአሮጌው ሕግ ወደ አዲሱ ሲሻገር የሚፈጠረውን ችግር አውቃለሁ፤ የሠራሁት መፍትሔ ይኸው» ካሉ ባለሙያ ነዎት። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚቀርብልዎት ክፍያ ግን ይለያያል። በውሉ ላይ የሥራ መደቡ «ጀማሪ» ተብሎ ከተጻፈም ከመፈረምዎ በፊት እንዲቀየር ይጠይቁ፤ የሚቀጥለው ቀጣሪ የሚያነበው እሱን ነው።

ለዚህ ሥራ የምሆን መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ሚዛን አልገጥም ሲል በሚያደርጉት ነገር። ልዩነቱ ለዘጠኝ የሚካፈል መሆኑን አይተው «ሁለት አሃዝ ተገለባብጦ ተጽፎ ይሆናል» ብለው የሚያስሱ ሰው ከሆኑ፣ የኮድን ስህተት ለመፈለግ የሚያስፈልገው ጠባይ አለዎት። ልዩነቱን «ልዩ ልዩ» በሚል መደብ ዘግተው ወደ ቤት መሄድ የሚቀልዎት ከሆነ ግን ሶፍትዌር ያሰለችዎታል፤ የቀኑ አብዛኛው ክፍል ያልገጠመውን መፈለግ ነውና።

ውጭ አገር ነኝ፤ ይህ ምክር ለእኔ ይሠራል?

መንገዱ ያው ነው፤ ሕጉና ሲስተሙ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በኩዊክቡክስ የሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ እንደ ኔትስዊት ያሉ ሲስተሞችን ወደሚያስተዳድር የፋይናንስ ክፍል መሻገር ይችላል፤ መደቡ ብዙ ጊዜ ፋይናንሻል ሲስተምስ አናሊስት ይባላል። የኢትዮጵያን ግብር ማወቅዎ እዚያ አይከፈልበትም፤ ሂሳብ መዝጋትና ማስታረቅ ማወቅዎ ግን ይከፈልበታል።

የሙያ አባልነቴን ወይም የሂሳብ ፈቃዴን ልተወው?

አይተዉት። ዓመታዊ ክፍያው ከከበደዎት እንኳ የመጨረሻ የሚቆርጡት ወጪ ይሁን። ከሌላው አመልካች የሚለየዎት እሱ ነው።

ከገባሁ በኋላ ሂሳብ ብቻ እያሠሩኝ ቢያስቀሩኝስ?

ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ብዙ ሰው ይደርስበታል። ቡድኑ ሂሳብ እንደሚያውቁ ሲያይ ሙከራውን፣ የተጠቃሚ ሥልጠናውንና የደንበኛ ስልክ መመለሱን ሁሉ ለእርስዎ ይጥለዋል፤ ኮዱ ከወጣቶቹ ጋር ይቀራል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ከስድስት ወር በኋላ ዳታቤዙን ለማንበብ ፈቃድ ካልተሰጠዎት፣ በእርስዎ ስም በጊት የተመዘገበ አንድም ለውጥ ከሌለ፣ ወደ ጎን ተገፍተዋል።

መውጫው አንድ ሙሉ ነገር በስምዎ መውሰድ ነው። ተሰብሳቢ ሂሳብን በዕድሜ የሚከፋፍል ሪፖርት ወይም የዊዝሆልዲንግ መግለጫ ጥሩ መነሻ ነው፤ ስፋቱ የተወሰነ ነው፣ ትክክል መሆኑንም ከማንም በላይ እርስዎ ያውቃሉ። ኃላፊዎን «ይህን ሪፖርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔ ልያዘው፤ ኮዱን ልጻፍና ከእናንተ አንዱ ይገምግምልኝ» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ግምገማ በእርማት ተሞልቶ ይመለሳል። እርማቶቹን አንድ በአንድ አስተካክለው መልሰው ይላኩት፣ ሁለተኛውንም ሪፖርት በዚያው ሳምንት ይጠይቁ።